ኤክስቴንሽን ወይም ዲቫይደር ሲሸትና ስፒናው ሲቀልጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች የሚኖሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ አስቀምጫለሁ።

ዲቫይደሩ ትንሽ ሞቅ ማለቱ ችግር ነው?

ከረንት የሚያልፍበት ነገር ሁሉ ጥቂት ይሞቃል። ስቶቭ ወይም ካውያ ሲሠራ ቆይቶ ገመዱን ሲነኩት ለብ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ። ስፒናውን ጨብጦ መያዝ ካስቸገረ፣ ሽታ ካለው፣ ወይም ነጩ ፕላስቲክ ወደ ቢጫና ቡኒ መሄድ ከጀመረ ግን ነገሩ ከለብታ አልፏል። የተለመደው የገመድ ልባስ የሚሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲችል ተደርጎ ነው። እጃችን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ 50 እና 60 ዲግሪ መካከል ላይ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ እጅዎ «አቃጠለኝ» ካለ እጅዎን ይመኑ።

ስለ ሽታው አንድ ነገር ልጨምር። ሁልጊዜ «የተቃጠለ ላስቲክ» አይሸትም። አንዳንድ ሶኬቶችና ስፒናዎች የሚሠሩበት ጠንካራ ፕላስቲክ ሲግል የዓሣ ወይም የሽንት የሚመስል ሽታ ያወጣል። ሰው አይጥ ሞታ ይሆናል ብሎ አልጋና ቁም ሣጥን ሲያንቀሳቅስ ይውላል፤ ሽታው ግን ከሶኬቱ ነው። ስቶቭ ሲበራ የሚመጣና ሲጠፋ የሚቀንስ ሽታ ከሆነ መጀመሪያ ሶኬቶቹን ይመልከቱ።

አሁን ሸተተኝ፤ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ስፒናውን ለመንቀል አይሩጡ። የለሰለሰ ስፒና ሲጎተት ፕላስቲኩ እጅዎ ላይ ቀርቶ እግሮቹ ሶኬቱ ውስጥ ተራቁተው ሊቀሩ ይችላሉ፤ በእነሱ ውስጥ ደግሞ መብራት አለ። መጀመሪያ ብሬከሩን ያውርዱ፤ ከዚያ ይንቀሉ። ተከራይ ሆነው ብሬከሩ አከራይዎ ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ስቶቩን ወይም ምጣዱን በራሱ ማጥፊያ ያጥፉት። ከረንቱ ሲቆም ሙቀቱ መጨመሩን ያቆማል፤ ቀጥለው ብሬከሩን እንዲያወርዱ ይጥሯቸው። ዲቫይደሩ ላይ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ አልመርጣትም፤ አንዳንዴ የተቃጠለችው ራሷ ናት።

እሳት ከታየ ውኃ አይድፉበት። መብራቱን ማጥፋት ከቻሉ ያጥፉና በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ መከላከያ አጭር ቁጥር ወደሆነው 939 ይደውሉ።

ጭነት በዝቶበት ይሁን ውስጡ ተበላሽቶ በምን አውቃለሁ?

ሙቀቱ የት እንዳለ ይፈልጉ። ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ይኸ ነው። ጭነት ሲበዛ ያ ብዙ ከረንት በገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚያልፍ ገመዱ በሙሉ ይሞቃል፤ ሁለቱም ጫፍ፣ መሀሉም። ውስጡ ሲበላሽ ግን ገመዱ ቀዝቃዛ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ይግላል፦ ስፒናው፣ አንዱ ቀዳዳ፣ ወይም ማጥፊያዋ ያለችበት ጫፍ። ያ ቦታ ብረትና ብረት በደንብ ያልተነካካበት ነው።

ሁለተኛው ምልክት የስፒናው እግሮች ናቸው። በአንዱ እግር የገባው ከረንት በሌላው ስለሚመለስ በሁለቱም የሚያልፈው እኩል ነው። እንግዲህ የጭነት ችግር ብቻ ቢሆን ሁለቱም በእኩል በሞቁ ነበር። አንዱ እግር ጠቁሮ በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ሌላው እንደ አዲስ የሚያብለጨልጭ ከሆነ የጠቆረው እግር የገባበት ቀዳዳ ልል ነው፤ ወይም ስፒናው ውስጥ ከዚያ እግር ጋር የታሰረው ሽቦ ላልቷል።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ምንም ሽታና ቅልጠት የሌለውን፣ ግን የሚጠራጠሩትን ዲቫይደር ከተለመደው ጭነት ጋር አሥር ደቂቃ ያህል አብሩት፤ አጠገቡ ይቁሙ። ከዚያ ያጥፉና ከግድግዳው ነቅለው በእጅዎ ጀርባ መጀመሪያ የገመዱን መሀል፣ ቀጥሎ የስፒናውን ፕላስቲክ፣ ቀጥሎ የዲቫይደሩን ጀርባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሱ። የብረት እግሮቹን ወዲያው አይንኩ፤ ያቃጥላሉ። አንዴ የቀለጠውን ግን ለፍተሻ ብለውም እንደገና አይሰኩት።

ዲቫይደሬ ስንት ይችላል?

ጀርባው ላይ ወይም ስፒናው ላይ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 16 አምፔር ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ቁጥሩን በ220 ያባዙት፦ 10 አምፔር ማለት 2200 ዋት፣ 16 አምፔር ማለት 3520 ዋት። ዕቃዎቹ ላይ ያለውን ዋት ደምረው ያወዳድሩ። ቴሌቪዥን፣ የስልክ ቻርጀርና ዋይፋይ ተደምረው እንኳ ምንም አይደሉም። ሒሳቡን የሚሞሉት ሙቀት የሚያወጡት ናቸው፦ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ካውያ፣ ውኃ ማፍያ። ቀዳዳው ስድስት ስለሆነ ስድስት ዕቃ ይችላል ማለት አይደለም፤ የተጻፈው ቁጥር የሁሉም ድምር ነው።

የተጻፈውን ደግሞ በጭፍን አይመኑ። 16 ተብሎ ተጽፎበት ገመዱ እንደ ስልክ ቻርጀር ገመድ የቀጠነ ዲቫይደር ገበያ ላይ አለ። ለ16 አምፔር የሚመጥነው ኤክስቴንሽን ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ሽቦ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው፤ ይኸም ገመዱ ልባስ ላይ «3×1.5» ወይም «3G1.5» ተብሎ ይታተማል። «0.75» የሚል ካነበቡ ለቴሌቪዥንና ለመብራት ያድርጉት።

ምጣድ በዲቫይደር ቢሰካ ምን ይሆናል?

አይሰኩ። እኛ ቤት የሚሠራበት የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ይኸም 16 አምፔር ነው። ማለትም ምጣዱ ብቻውን፣ ሌላ ምንም ሳይጨመር፣ ጥሩ የሚባለውን ዲቫይደር እስከ ጥጉ ይወስደዋል፤ ባለ 10 አምፔሩን ደግሞ ከተፈቀደለት በግማሽ በላይ ይጭነዋል። ሊጥ ሙሉ እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ሦስት ሰዓት ሲጋገር ያለ ዕረፍት ነው። ገመዱ በዚያ ጊዜ ሁሉ መሞቁን አያቆምም።

ምጣድ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል። በቤትዎ ለምጣድ ተብሎ የተዘረጋ መስመር ካለ ምጣዱ የሚቀመጠው እሱ ባለበት ነው፤ መስመሩን በዲቫይደር ወደ ምጣዱ ማምጣት አይደለም። ከሌለ ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው ጀምሮ መስመር ያውጣልዎት። ወጪ እንዳለው አውቃለሁ፤ በተለይ በኪራይ ቤት። ግን በዚህ ጉዳይ የማግባባው መካከለኛ መንገድ የለኝም።

የሰካሁት አንድ ስቶቭ ብቻ ነው። ለምን ቀለጠ?

ይኸን ጥያቄ ቱሉ ዲምቱ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራዩ እናት ባለፈው አንስተውት ነበርና በእሳቸው ዲቫይደር ላስረዳ። «ወንድሜ፣ ምንም አላበዛሁበትም እኮ፤ ወጥ ብቻ ነው የሠራሁበት» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ስቶቩ 1800 ዋት ነው፤ 8 አምፔር ገደማ። ዲቫይደሩ 10 አምፔር ይላል፤ ገመዱ አምስት ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ስኩዌር ሚሊሜትር። በወረቀት ሲታይ እንከን የለውም።

ገመዱ ቀዝቃዛ ነበር። የስቶቩ ስፒና ግን አንድ እግሩ ጠቁሮ፣ ዲቫይደሩ ላይ ያ እግር የገባበት ሦስተኛው ቀዳዳ ጠርዙ ወደ ውስጥ ሟሙቷል። ቀሪዎቹ ቀዳዳዎች ንጹሕ ናቸው። ዲቫይደሩን ነቅለን በካቻቢቴ ከፈትነው። ውስጡ ሁለት ረጃጅም የብረት ቅጠሎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግተው፣ በየቀዳዳው ሥር እግሩን ቆንጥጦ እንዲይዝ ታጥፈዋል። ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ያለው እጥፋት ተከፍቶ ነበር፤ ስፒናውን ቢሰኩት እንኳ በራሱ ይወድቃል። ብረቱም ከቢጫነት ወደ ሰማያዊና ጥቁር ተለውጧል።

ሒሳቡ ይኸውና። የአምስት ሜትሩ ገመድ ደርሶ መልስ 0.17 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው። 8 አምፔር ሲያልፍበት 11 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል፤ በሜትር ሁለት ዋት ነው፣ አይሰማም። የላላው ንክኪ ደግሞ 0.3 ኦም ቢኖረው 19 ዋት ያወጣል፤ ያ ሁሉ ግን ከሽምብራ በማትበልጥ ቦታ ላይ ነው። ሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡባት ካውያ 25 ዋት ገደማ ናት። ወጥ እስኪበስል ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ያለ ነገር ፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ ይውላል ማለት ነው።

ስቶቩስ ምንም አልጎደለበትም? አልጎደለበትም። በዚያ ንክኪ የሚጠፋው ከ220 ቮልት ሁለት ቮልት ተኩል ብቻ ነው፤ ወጡ እንደ ወትሮው ይፈላል። ስለዚህ ነው ሽታ እስኪመጣ ድረስ ማንም የማያውቀው።

እንዲህ ከሆነ ብሬከሩ ለምን አልወረደም?

ብሬከር የሚቆጥረው ከረንትን ነው፤ ሙቀት የት እንዳለ አያይም። ከላይ ባየነው ዲቫይደር የሚያልፈው 8 አምፔር ብቻ ነው። ንክኪው ሲላላ ከረንቱ አይጨምርም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንሳል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይኸን የሚጠረጥርበት ምንም ምክንያት የለውም። የሚወርደው ፕላስቲኩ ቀልጦ ሁለቱ ብረቶች ተነካክተው ሾርት ሲፈጠር ነው፤ ያኔ ረፍዷል።

ጭነት በመብዛቱ ላይም ቢሆን የሚሰጠው ጥበቃ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። የቤት ብሬከር ከተጻፈበት በ13 በመቶ በላይ ቢጫን ለአንድ ሰዓት ሳይወርድ እንዲቆይ፣ በ45 በመቶ በላይ ሲጫን ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲወርድ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ባለ 16ቱ 18 አምፔርን ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ 23 አምፔር ላይም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። የተሠራው በግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ለመጠበቅ ነው። በኋላ ገዝተው የጨመሩት ባለ 10 አምፔር ዲቫይደር በእሱ አይጠበቅም። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር በትልቅ መቀየር፣ ወይም ቫልቮላውን በወፍራም ሽቦ መተካት፣ የቀረውንም ጥበቃ መንሣት ነው።

ዲቫይደሩን ቀየርኩ፤ አዲሱም ቀለጠ። ለምን?

ጉዳቱ ስለሚተላለፍ ነው። የሚቆነጥጠው ብረት አንዴ ከጋለ ጥንካሬውን ያጣና ቢቀዘቅዝም ተመልሶ አይጨብጥም። የጠቆረ እግር ደግሞ ገጹ ስለሻከረና ስለዛገ አዲስ ቀዳዳ ውስጥ ቢገባም በደንብ አይነካም፤ ያንንም ያግለዋል። የተበላሸ ስፒና ጥሩውን ሶኬት ያበላሻል፤ የተበላሸ ሶኬትም ጥሩውን ስፒና።

ስለዚህ የቀለጠው የትኛው መጋጠሚያ እንደሆነ ይዩ። የስቶቩ ስፒና ዲቫይደሩ ላይ ከቀለጠ ዲቫይደሩም የስቶቩ ስፒናም ይቀየራሉ፤ አንዱ ብቻ አይበቃም። የዲቫይደሩ ስፒና ግድግዳው ላይ ከቀለጠ ግን የግድግዳውን ሶኬት ይጠርጥሩ። በዳር ሰፈር ብዙ የኪራይ ክፍሎች አንድ ሶኬት ብቻ ስላላቸው እሱ ቀኑን ሙሉ ሲሰካበትና ሲነቀልበት ይልላል። ስፒናው ሲገባ ካልጠበቀ፣ ገመዱ በክብደቱ ወደ ታች ከጎተተው፣ ወይም ሲነካ «ጭስስ» የሚል ድምፅ ካሰማ ሶኬቱ አልቆለታል። ብሬከር ወርዶ፣ በቴስተር መብራት አለመኖሩ ተረጋግጦ ይቀየር፤ ከኋላው ያለው ሽቦም ጫፉ ከጠቆረ እስከ ንጹሑ መዳብ ድረስ ይቆረጥ።

የቀለጠውን ቆርጬ አዲስ ስፒና ባስርበትስ?

የቀለጠው ስፒናው ብቻ ከሆነና ገመዱ ጤነኛ ከሆነ ይቻላል። ገመዱን ከቀለጠበት አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ገብተው ይቁረጡና መዳቡን ይመልከቱ። ብሩህ ከሆነና ልባሱ እንደ ልብ ከታጠፈ ጥሩ ነው። መዳቡ ጠቁሮ ልባሱ ደርቆ የሚሰነጠቅ ከሆነ ሌላ ስንዝር ይቁረጡ፤ አሁንም ያው ከሆነ ገመዱ በሙሉ የጋለ ነውና ይጣል።

ሲያስሩ ሽቦዎቹን በደንብ ጠምዘው ከብሎኑ ሥር ሙሉ በሙሉ ያስገቡ፤ አንድም ክር ውጭ አይቅር። ጫፉን በሊድ አይንከሩት፤ ሊድ ለስላሳ ስለሆነ ብሎኑ ሥር ቀስ በቀስ ይጨፈለቅና ንክኪው ይላላል። የገመዱ ውጫዊ ልባስ በማሰሪያው ሥር ይያዝ፤ አለበለዚያ ስፒናውን በገመዱ በነቀሉ ቁጥር የሚጎተተው ብሎኑ ነው። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ የኤርዝ ነው፤ አይቆረጥም፣ አይዘለልም። የዲቫይደሩ አካል ራሱ ከቀለጠ ግን ጥገና የለውም። በናስትሮ ጠቅልሎ መቀጠል ቅልጠቱን ከዓይን መደበቅ ነው።

ከአከራዬ ቤት ረጅም ኤክስቴንሽን ዘርግቼ ነው የምጠቀመው። ምን ልጠንቀቅ?

የተረፈውን ገመድ ጠቅልለው አያስቀምጡ። ተዘርግቶ ለብ የሚለው ገመድ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ መሀሉ ያለው ይቀልጣል። በመንኮራኩር የሚጠቀለለው ኤክስቴንሽን ላይ ሁለት ቁጥር የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ ተጠቅልሎ 1000 ዋት፣ ተዘርግቶ 3000 ዋት የሚል ታገኛላችሁ። በበር ሥር፣ በምንጣፍ ሥርና በቆርቆሮ ጠርዝ ላይም አያሳልፉት። በር በተዘጋ ቁጥር ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ክሮች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፤ የቀሩት ጥቂቶች ሙሉውን ከረንት ይሸከሙና መሀል ገመዱ ላይ አንድ ቦታ ይግላል። ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ መቀጠልም በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ተጨማሪ ልል ንክኪ ነው።

አዲስ ስገዛ ጥሩውን እንዴት ልለይ?

ማግኔት ይያዙ፤ የድምፅ ማጉያ ቁራጭም ይበቃል። የስፒናውን እግር ከሳበው ነሐስ ሳይሆን የተለበጠ ብረት ነው፤ ለከባድ ጭነት አይሁንዎት። የእግሩን ውፍረትም ይዩ፦ ለ16 አምፔር የሚሠራው ክብ እግር 4.8 ሚሊሜትር ነው፤ 4 ሚሊሜትር የሆነው ቀጭኑ ለቻርጀርና ለመሳሰሉት ነው፤ በሰፊው ቀዳዳም ይላላል። የቤትዎን ስፒና ይዘው ሄደው ይሰኩት፤ ሲገባም ሲወጣም መታገል አለበት። የየትኛውንም አገር ስፒና የሚቀበለው ባለ ብዙ ቅርፅ ቀዳዳ ለሁሉም እንዲሆን ስለሚሰፋ አንዱንም አጥብቆ አይዝም፤ ለስቶቭ አልመክረውም።

መብራት ሲቀንስ ነው የሚያቃጥለው የሚባለው እውነት ነው?

እንደ ዕቃው ነው። ማታ ማታ ሁሉም ቤት ሲያበስል ቮልቱ ሲወርድ ምጣድና ስቶቭ የሚወስዱት ከረንት አብሮ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ሽቦ ብቻ ናቸው። 220 ቮልት ላይ 8 አምፔር የሚወስደው ስቶቭ 180 ቮልት ላይ 6 አምፔር ተኩል ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ የስቶቭ ስፒና ከቀለጠ በቮልቱ መውረድ አያሳብቡ። አንድ ነገር ግን አለ፦ እሳቱ ስለሚደክም ወጡ ረጅም ሰዓት ይጣዳል፤ የላላ ንክኪም ለዚያ ሁሉ ሰዓት ይግላል።

ፍሪጅና የውኃ ፓምፕ ግን ሞተር አላቸው። ሞተር ቮልት ሲያንስበት ሥራውን ለመሥራት ተጨማሪ ከረንት ይስባል፤ በጣም ካነሰ ደግሞ መነሣት አቅቶት እያጓራ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይወስዳል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም እንዲሁ ነው፤ የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊነሣ ሲሞክር ቮልቱ ይወርዳል። ፍሪጅዎ ዲቫይደር ላይ ከሆነና ሽታው የሚመጣው መብራት ሲመለስ ከሆነ ፍሪጁን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰክተው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ይንቀሉትና ከተመለሰ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው ይሰኩት። ከዚያም ወዲያ ሽታው ካልቀረ ዲቫይደሩ ውስጡ ተጎድቷል፤ ፍሪጁ ሌላ ቦታ ስለሄደ ጉዳቱ አይጠገንም።